የፓወር ባንኩ ጀርባ ምን ይላል?

በቴሌግራም ለሽያጭ የሚለጠፍ የፓወር ባንክ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን ብቻ ያሳያል። በትልቁ «50000mAh» ተጽፎበታል እንበል። ሻጩን የጀርባውን ፎቶ ይጠይቁት፤ እዚያ በደቃቅ ፊደል የታተሙት ቁጥሮች ከፊቱ ጋር መስማማት አለባቸው።

mAh ባትሪው የሚይዘው የቻርጅ መጠን ነው፤ Wh ደግሞ የሚሰጠው ጉልበት። በውስጡ ያለው የሊቲየም ባትሪ ቮልቴጅ ብዙውን ጊዜ 3.7 ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፦

50000 × 3.7 ÷ 1000 = 185

ስለዚህ ጀርባው 185Wh ማለት ነበረበት። 37Wh የሚል ከሆነ ግን ወደ ኋላ ሲሰላ 10000 ብቻ ይሆናል፤ ፊቱ ላይ የተጻፈው አምስት እጥፍ ተጋኗል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሐቀኛውን ሻጭ በስህተት እንዳንወቅስ መጠንቀቅ ይገባል። ፊቱ ላይ 10000፣ ጀርባው ላይ ደግሞ «5V» ከሚል ጽሑፍ ጋር 6000 ቢታተም ማጭበርበር አይደለም። ፓወር ባንኩ 3.7 ቮልቱን ወደ 5 ቮልት ከፍ አድርጎ ስለሚያወጣ የmAh ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ጥቂቱም በሙቀት ይባክናል። እንዲያውም ይህን ቁጥር ያልደበቀ አምራች ይበልጥ ይታመናል።

ቁጥሮቹ ቢስማሙም ክብደት ያጋልጣል። 18650 የሚባለው ክቡ ባትሪ ጥሩ የሚባለው 3500mAh ገደማ ይይዛል፤ ክብደቱም ከ45 እስከ 50 ግራም ነው። 50000 ለመሙላት 15 ያህል ያስፈልጋል፤ ይህም ያለ ሽፋኑ ወደ 700 ግራም ይጠጋል። 250 ግራም የሚመዝን ፓወር ባንክ ይህን ሁሉ ሊይዝ አይችልም። ለባትሪ መብራት ተብሎ ለብቻው የሚሸጥ 18650 ላይ 9900 ተጽፎ ካዩም ሐሰት ነው።

ባትሪው ለብቻው የሚሸጥ ከሆነ የፕላስቲክ ልባሱን በፎቶው ላይ አጉልተው ይዩ። ጫፎቹ ላይ እኩል ታጥፎ መለጠፍ አለበት። የተጨማደደ፣ የተንጋደደ ወይም ጽሑፉ የደበዘዘ ልባስ ያጠራጥራል። ጫፉ ላይ የብየዳ ነጠብጣብ ካለ ባትሪው ከአሮጌ ላፕቶፕ ወጥቶ እንደገና የተጠቀለለ ሊሆን ይችላል። ልባሱ ለውበት ብቻ የተደረገ አይደለም። የባትሪው የብረት ገላ በሙሉ ኔጌቲቭ ነው፤ በፖዘቲቩ ጫፍ አካባቢ ልባሱ ከተቀደደ አንድ ቁራጭ ብረት ሁለቱን አገናኝቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ያማረ ልባስ ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ልባስ ለብቻው ይሸጣል፣ ፎቶውም ከሌላ ቦታ የተወሰደ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ራሱን ዕቃውን ሚዛን ላይ አስቀምጦ፣ ጀርባው እየታየ ፎቶ እንዲያነሳልዎ ይጠይቁ። እምቢ ካለ አይግዙ።