መልእክቱ ደረሰ፤ ፋይሉስ? የተላለፉ መልእክቶች ምስልና ሰነድ የሚያጡበት ምክንያት እና የማረጋገጫው መንገድ

(ለመምህራንና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከተሰጠ ሕዝባዊ ሌክቸር የተገለበጠ)



ብዙዎቻችሁ የጥናት መረጃ የምትቀበሉት በስልክ መልእክት ነው። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ የተላለፈልን መልእክት ጽሑፉ እየተነበበ ምስሉ ወይም ሰነዱ የሚጠፋው ለምንድን ነው? ማብራሪያዬን በዋትስአፕ ላይ አደርጋለሁ።

ምስል ስንልክ በዓይናችን የምናየው አንድ መልእክት ይሁን እንጂ፣ የሚጓዙት ሁለት ነገሮች ናቸው። ስልካችን ምስሉን በምስጢር ቁልፍ ቆልፎ በሰርቨር ላይ ያስቀምጠዋል። ለተቀባዩ የሚደርሰው መልእክት ደግሞ የምስሉን አድራሻ፣ የመክፈቻውን ቁልፍና አንዲት ብዥ ያለች ትንሽ ምስል ይይዛል። ሙሉው ምስል የሚገኘው የተቀባዩ ስልክ ከሰርቨሩ ሲያወርደው ብቻ ነው። ሰርቨሩ ጊዜያዊ ማረፊያ እንጂ መዝገብ ቤት አይደለም፤ ፋይሉን ለዘለቄታው አያስቀምጥም። መልእክቱ በስልካችን ላይ ለዓመታት ሊኖር ሲችል አድራሻው የሚያመለክተው ቦታ ግን ባዶ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በመነሣት ፋይል የሚጠፋባቸውን ሦስት ቦታዎች መለየት እንችላለን። አንደኛው፣ አስተላላፊው ምስሉን በጊዜው ሳያወርደው መቅረቱ ነው። ሁለተኛው፣ አውርዶት ሳለ የስልኩን ማከማቻ ለማቃለል ፋይሉን መሰረዙ ነው፤ መልእክቱና ብዥ ያለችው ምስል ግን በቦታቸው ይቆያሉ። ሦስተኛው፣ መልእክቶቹን መርጦ በመቅዳት ሌላ ቦታ ላይ መለጠፉ ወይም ውይይቱን ያለ ምስል ወደ ውጭ ማውጣቱ ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚተላለፈው ጽሑፍ ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የመስክ ረዳት የአንድ ጣቢያን የ24 ወራት የዝናብ መዝገብ በ24 ፎቶግራፎች አንሥቶ ለአማካሪው ላከ እንበል። አማካሪው ከሁለት ወር በኋላ ለተማሪዋ አስተላለፈላት። በማያ ገጹ ላይ 24 ምስሎች ይታያሉ፤ አማካሪው በጊዜው ያወረደው ግን 17ቱን ብቻ ነበር። ተማሪዋ የተሟላ መዝገብ እንዳላት አምና ሥራ ብትጀምር፣ የ7 ወር ጉድለት የሚገለጥላት ቁጥሮቹን ለመጻፍ ስትቀመጥ ነው።

የመጀመሪያው ማረጋገጫ ቀላል ነው፦ የስልኩን ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ ዘግቶ እያንዳንዱን ምስል መክፈት። በዚህ ሁኔታ ጥርት ብሎ የሚከፈተው በእርግጥ በእጃችን ያለው ብቻ ነው። ብዥ እንዳለ የሚቀረው ገና አልደረሰንም ማለት ነው፤ ኢንተርኔቱን መልሰን ማውረድ እንሞክራለን፤ እምቢ ካለ ግን ላኪውን እንጠይቃለን።

ምስሎቹ ብዙ ከሆኑ ውይይቱን ከነምስሉ ወደ ውጭ አውጥቶ መቁጠር ይሻላል። ቋንቋው እንግሊዝኛ በሆነ የአንድሮይድ ስልክ ላይ፣ ፋይል ያልተያያዘለት መልእክት በጽሑፉ ውስጥ `<Media omitted>` ተብሎ ይታያል። የጽሑፉን ፋይል `chat.txt` ብለን ሰይመን እንዲህ እንቆጥራለን፦

```
grep -c "<Media omitted>" chat.txt
```

በምሳሌያችን መልሱ 7 ቢሆንና በማኅደሩ ውስጥ 17 ምስሎች ቢገኙ፣ ድምሩ ከተላከው 24 ጋር ይገጥማል፤ የጎደለውም የትኛው ወር እንደሆነ ከመልእክቶቹ ቅደም ተከተል ይታወቃል። በጣም ረጅም ውይይት ሲወጣ የቆዩት መልእክቶች ሊቀሩ ስለሚችሉ፣ የመጀመሪያው መልእክት መኖሩንም ማየት ይገባል።

ፋይሉ ተከፈተ ማለት ግን ዋናው ቅጂ ነው ማለት አይደለም። ዋትስአፕ እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ያሳንሰዋል፤ የተነሣበትን ጊዜና ቦታ የሚገልጸውንም መረጃ ያስቀራል። `IMG-20240312-WA0004.jpg` በሚል ስም ውስጥ ያለው ቀንም ካሜራው ምስሉን ያነሣበት ቀን ነው ተብሎ ሊወሰድ አይገባም። ስለዚህ የጎደሉትን 7 ገጾች ረዳቱ ዳግመኛ ሲልክ፣ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ሰነድ እንዲልካቸው እመክራለሁ፤ ያን ጊዜ ፋይሉ ሳይለወጥ ይደርሳል። ይህንንም በሁለቱም ወገን ኮምፒውተር ላይ በሚከተለው ትእዛዝ ማመሳከር ይቻላል፦

```
sha256sum page18.jpg
```

የሚወጡት ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች አንድ ከሆኑ ቅጂው ከዋናው አልተለየም። አንድ ካልሆኑ ግን ምስሉ ሐሰተኛ ነው ብለን አንደመድምም፤ እንደ ፎቶ በመላኩ ብቻ ሊለወጥ ይችላልና። ቁጥሩ የሚመሰክረው ስለ ፋይሉ ማንነት እንጂ ስለ መዝገቡ እውነትነት አይደለም።

የመጨረሻው ነጥብ የምንጩ ጉዳይ ነው። በዋትስአፕ የተላለፈ መልእክት መተላለፉን የሚገልጽ ምልክት ቢኖረውም፣ የመጀመሪያውን ላኪ ስም አያሳይም። ስለዚህ ማን፣ መቼ፣ ስንት ገጽ እንደላከ ረዳቱ በራሱ ጽሑፍ እንዲገልጽ ማድረግና ጽሑፉን ከፋይሎቹ ጋር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ያች አጭር ማስታወሻ ባትኖር ተማሪዋ 24 ብላ የምትጀምርበት ቁጥር ራሱ አይኖራትም ነበር።