በነፍስ ወከፍ የሚታሰብ የደመወዝ ሶፍትዌር

አሜሪካ ውስጥ ለአነስተኛ ድርጅቶች የሚሸጥ የደመወዝ ሶፍትዌር ሒሳቡ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍል አለው፤ ወርኃዊ መነሻ ክፍያ፣ በላዩም በእያንዳንዱ ሰው የሚጨመር ገንዘብ። ማስታወቂያው ላይ ጎልቶ የሚታየው መነሻው ነው። ሒሳቡን የሚያንረው ግን «ሰው» ተብሎ የሚቆጠረው ማን እንደሆነ ነው።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ስምንት ቅጥር ሠራተኞች አሉት እንበል። ከእነሱ ሌላ አንድ ሒሳብ አዋቂ፣ ሁለት ሙዚቀኞችና አንድ የማቀዝቀዣ ጠጋኝ በኮንትራት ይሠሩለታል። መነሻው 40 ዶላር፣ በሰው ደግሞ 6 ዶላር ቢሆን ለስምንቱ በወር 88 ዶላር ይመጣል። አራቱ ኮንትራክተሮች ስማቸው መዝገብ ላይ ስላለ ብቻ ከተቆጠሩ 112 ይሆናል። አንዳንዱ ሻጭ ግን ኮንትራክተርን የሚቆጥረው ገንዘብ በተከፈለው ወር ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ በዓመት ሁለቴ የሚጠራው ጠጋኝ በ72 ዶላር ፈንታ 12 ዶላር ብቻ ያስወጣል። ሥራ የለቀቀ አስተናጋጅም ስሙ ካልተዘጋ ሊቆጠር ስለሚችል፣ ወርኃዊው ደረሰኝ ላይ የሰውን ቁጥር ማየት ይበጃል።

ወጪ ለመቀነስ ሲባል አስተናጋጅን ኮንትራክተር ብሎ መመዝገብ አይቻልም። የሥራ ሰዓቱንና አሠራሩን የሚወስነው ባለቤቱ ከሆነ ሕጉ እንደ ተቀጣሪ ያየዋል፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ የተሰጠውን ይመዘግባል እንጂ አያጣራም።

ሁለተኛው ልዩነት ያለው ደረጃው ላይ ነው። ርካሹ ደረጃ ብዙ ጊዜ ግብሩን አስልቶ ያቆማል፤ ገንዘቡን ለመንግሥት መላክና ፎርም መሙላት የባለቤቱ ሥራ ነው። ትንሽ ግብር የሚቀንስ ቀጣሪ በአብዛኛው የአንድን ወር ግብር እስከ ቀጣዩ ወር 15ኛ ቀን ያስገባል፤ ፎርም 941 የተባለውን ሪፖርት ደግሞ በየሦስት ወሩ ያቀርባል። ስሌቱ ስክሪን ላይ ስለሚታይ ክፍያው የተላከ የሚመስላቸው አሉ፤ ስህተቱን የሚያውቁት ከግብር መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ነው።

ምግብ ቤቱ በወር 17 ዶላር መነሻና በሰው 4 ዶላር የሚያስከፍለውን ርካሽ ደረጃ ቢመርጥ ለስምንቱ ተቀጣሪዎች 49 ዶላር ይከፍላል፤ በወር 39፣ በዓመት 468 ዶላር ይተርፈዋል። የወሩ የፌዴራል ግብር 4,000 ዶላር ሆኖ ክፍያው በአሥር ቀን ቢዘገይ ቅጣቱ 5 በመቶ፣ ማለትም 200 ዶላር ነው። ከ15 ቀን ካለፈ 10 በመቶ ይሆናል፤ ያ አንድ ስንፍና ብቻውን 400 ዶላር ይወስዳል። ቀኑን የማይስት ሒሳብ አዋቂ ላለው ቤት ርካሹ ደረጃ ሊያዋጣ ይችላል።

ውዱ ደረጃም ቢሆን ሁሉን ላይሸፍን ይችላል። ለኮንትራክተሮች የሚላከው ፎርም 1099 በአንዳንዱ ዘንድ ለብቻው ይከፈልበታል። ቨርጂኒያ ሁለተኛ ምግብ ቤት ቢከፈት ደግሞ ለተጨማሪው ግዛት ሌላ ወርኃዊ ክፍያ የሚጠይቁ ሻጮች አሉ።