የባሊስቲክ ቁጥር እና የገጽ እፍጋት

የባሊስቲክ ቁጥር እና የገጽ እፍጋት የአንድን አረር ጠባይ የሚገልጹ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። የመጀመሪያው በውጭ አገር ባሊስቲክ ኮፊሸንት ይባላል፤ አረሩ አየሩን ሰንጥቆ ሲሄድ ፍጥነቱን ምን ያህል ይዞ እንደሚቆይ ያሳያል። ሁለተኛው ሴክሽናል ዴንሲቲ የሚባለው ሲሆን የአረሩን ክብደት ከወገቡ ስፋት ጋር ያነጻጽራል። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ በአምራቹ ዝርዝር ላይ፣ አንዳንዴም በካርቶኑ ላይ ጎን ለጎን ስለሚጻፉ ገዢው ትልቅ ቁጥር ያለውን ብቻ አይቶ ይመርጣል። ይሁንና የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው። የባሊስቲክ ቁጥር የሚያገለግለው አረሩ እንስሳው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ነው፤ የገጽ እፍጋት ደግሞ ከደረሰ በኋላ ስለሚሆነው ይናገራል። ምርጫው ከተሳሳተ እንስሳው ቆስሎ ያመልጥና ጫካ ውስጥ ቀናት ቆይቶ ይሞታል፤ ከርከሮ ወይም ጎሽ ከሆነ ደግሞ ተመልሶ አዳኙን ሊያጠቃ ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ጥይት የሚባለው ቀለሁ፣ ባሩዱና አረሩ በአንድ ላይ ሲሆን፣ አረር ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚሄደው ክፍል ብቻ ነው።

የገጽ እፍጋት

የገጽ እፍጋትን በቤት ውስጥ ማስላት ይቻላል። የአረሩ ክብደት በግራም፣ ስፋቱ በሚሊሜትር ከተለካ፦

የገጽ እፍጋት = 1.422 × ክብደት ÷ (ስፋት × ስፋት)

1.422 የገባው ውጤቱ በካርቶን ላይ ከሚገኘው በፓውንድና በኢንች ከሚሰላው ቁጥር ጋር እንዲገጥም ነው። ለምሳሌ 7.62 ከሚባሉት የአደን ጠመንጃዎች የብዙዎቹ አረር ትክክለኛ ስፋት 7.82 ሚሊሜትር ነው። በካርቶኑ ላይ 180 ግሬን የተባለው አረር 11.66 ግራም ይመዝናል። 7.82 በራሱ ሲባዛ 61.15 ይሆናል፤ 11.66 ለዚህ ተካፍሎ በ1.422 ሲባዛ 0.271 ይመጣል። የዚያው ጠመንጃ 150 ግሬን (9.72 ግራም) አረር 0.226 ብቻ ነው። የክላሽንኮቭ 8 ግራም አረር 0.18 አካባቢ ይሆናል።

በዚህ ስሌት ውስጥ የአረሩ ቅርጽ የለም። ጫፉ ይሹል ይደንዝ፣ በእርሳስ ይሠራ በመዳብ፣ ቁጥሩ አይለወጥም። ኢትዮጵያውያን በዓድዋ ዘመን ከያዟቸው ጠመንጃዎች አንዱ የሆነውን የፈረንሳዩን ውጅግራ ብንወስድ አረሩ 25 ግራም የሚመዝን፣ 11 ሚሊሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ጫፉ የደነዘዘ እርሳስ ነበር፤ የገጽ እፍጋቱ 0.28 አካባቢ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1898 ለለበን ጠመንጃ ያወጡት 12.8 ግራም ሹል አረር ደግሞ 0.26 አካባቢ ነው። ክብደቱ በግማሽ ቀንሶ የገጽ እፍጋቱ እምብዛም አልተለወጠም። በበረራ ግን አይገናኙም። የለበኑ አረር ጫፉ ሹል፣ ከኋላውም እንደ ጀልባ የጠበበ ስለነበር አየሩ ብዙ አይዘውም፤ ፍጥነቱን ይዞ ሩቅ ይሄዳል። ይህን ልዩነት የሚይዘው የባሊስቲክ ቁጥር ነው።

የባሊስቲክ ቁጥር

የባሊስቲክ ቁጥር የሚገኘው የገጽ እፍጋት ለቅርጽ ቁጥር ሲካፈል ነው። የቅርጽ ቁጥር አረሩ ከአንድ መደበኛ አረር ጋር ሲነጻጸር አየሩ ምን ያህል እንደሚይዘው ያመለክታል፤ አየሩ ያነሰ ከያዘው ቁጥሩ ያንሳል፣ የባሊስቲክ ቁጥሩም ያድጋል።

ከላይ ያየነውን የ11.66 ግራም አረር በሁለት ቅርጽ እንውሰድ። አንደኛው ጫፉ ድንዝ ሲሆን የባሊስቲክ ቁጥሩ 0.24 ነው። ሌላው ሹልና ከኋላው የጠበበ ሆኖ 0.48 ነው። የሁለቱም የገጽ እፍጋት 0.271 ነው፤ ሁለቱም ከአፈሙዝ በሰከንድ 820 ሜትር ፍጥነት ይወጣሉ፤ ጠመንጃውም በ100 ሜትር ላይ ተስተካክሏል እንበል። የሚከተሉት ቁጥሮች በባሕር ወለል አየር የተሰሉ ግምቶች ናቸው።

በ100 ሜትር ላይ ሹሉ 760፣ ድንዙ 700 ሜትር በሰከንድ ይሄዳሉ። በሰከንድ 4 ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ሹሉን 2 ሳንቲሜትር፣ ድንዙን 4 ሳንቲሜትር ያህል ይገፋል። ይህን ያህል ልዩነት ከአዳኙ የእጅ መንቀጥቀጥ ያነሰ ነው። በ300 ሜትር ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሹሉ 645 ሜትር በሰከንድ ይዞ ሲደርስ ድንዙ 495 ላይ ወርዷል። ሹሉ ከታለመበት 45፣ ድንዙ 60 ሳንቲሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ያው ነፋስ ሹሉን 19፣ ድንዙን 42 ሳንቲሜትር ያወጣል። መውረዱን አስቀድሞ አውቆ ማስተካከል ይቻላል፤ ነፋስን ግን አዳኙ የሚገምተው በዓይኑ ነው። ልብን አልሞ 42 ሳንቲሜትር የሳተ ሰው ሆድ ይመታል።

ሌላም ጉዳይ አለ። ጫፉ እርሳስ የሆነ የአደን አረር ሥጋ ውስጥ ሲገባ እንዲሰፋ የተሠራ ነው፤ ለብዙዎቹ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ፍጥነት በሰከንድ 550 ሜትር አካባቢ ነው። ድንዙ አረር ከዚህ በታች የሚወርደው 240 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ባሻገር ሳይሰፋ ጠባብ ቀዳዳ በስቶ ሊያልፍ ይችላል። እንስሳው እንዳልተመታ ሆኖ ይሮጣል፤ ደሙም ጥቂት ስለሆነ ዱካውን መከተል ያስቸግራል።

ሆሞሻ እና ባሌ

የሆሞሻ ወረዳ በአሶሳ ዞን የሚገኝ ሲሆን አካባቢው በቆላ ቀርከሃና በዛፍ የተሸፈነ፣ ከክረምት በኋላም ረጅም ሣር የሚበቅልበት ነው። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ጥርት ያለ እይታ ከ100 ሜትር በላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ተኩሱ 50 ወይም 60 ሜትር ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላ ከርከሮ ወይም ድኩላ ለማደን ፈቃድ ላለው ሰው 0.24ም 0.48ም የባሊስቲክ ቁጥር አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። እንዲያውም ለባሊስቲክ ቁጥር ብሎ የተመረጠ አረር እዚህ ሊጎዳ ይችላል። ለኢላማ ውድድር የተሠሩት ረጃጅም ሹል አረሮች ልባሳቸው ስስ ነው፤ በ60 ሜትር ርቀት፣ ገና በሰከንድ 780 ሜትር ሲሄዱ የከርከሮን ትከሻ ከመቱ አጥንቱ ላይ ተፈርክሰው ከላይ ሰፊ ቁስል ብቻ ሊተዉ ይችላሉ። እዚህ ቦታ መታየት ያለበት የገጽ እፍጋቱና የአረሩ አሠራር ነው።

በባሌና በአርሲ ተራሮች የደጋ አጋዘን በሚታደንባቸው የአደን ቀበሌዎች ሁኔታው ሌላ ነው። አዳኙ ከአንድ ሸንተረር ወደ ሌላው ሸለቆ አሻግሮ 300 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊተኩስ ይችላል፤ ነፋሱም አይጠፋም። የባሊስቲክ ቁጥር ዋጋው የሚታየው እዚያ ነው። ከፍታው በተወሰነ ደረጃ አዳኙን ያግዘዋል፦ በ3,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል አየር 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሚከብድ አረሩን የሚይዘውም በዚያው መጠን ይቀንሳል። አሶሳ ባለችበት 1,500 ሜትር አካባቢ ደግሞ 85 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ቆላ ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ ተራራ ላይ በሩቅ ከፍ አድርጎ ይመታል፤ ሲደርሱ እንደገና መሞከር ያስፈልጋል።

በቀርከሃ መሃል ከባድና ድንዝ አረር ቅርንጫፍ ጥሶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል የሚል እምነት አለ። ይህ ትክክል አይደለም። የጣት ያህል ቀርከሃ የመታ ማንኛውም አረር አቅጣጫው ሊዛባ ወይም ሊገለባበጥ ይችላል፤ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱም ከዚህ አያድንም። ክፍተት እስኪገኝ መጠበቅ ብቻ ነው መፍትሔው።

የገጽ እፍጋት ወሰን

ትልቅ የገጽ እፍጋት ጠልቆ መግባትን ያመለክታል የሚባለው አረሩ ቅርጹን እስከጠበቀ ድረስ ነው። 0.271 የነበረው አረር ሥጋ ውስጥ ገብቶ እንደ እንጉዳይ ሲዘረጋ ስፋቱ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስፋቱ እጥፍ ከሆነ የገጽ እፍጋቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ከክብደቱም 30 በመቶውን ከጣለ የሚቀረው 0.047 ነው። ክብደቱን ሁሉ የያዘ 0.226 አረር ግን ያን ያህል ቢሰፋ እንኳ 0.056 ላይ ይቀራል፤ ማለትም ቀላሉ ከከባዱ ይበልጣል። ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠሩ አረሮች በቀላል ክብደት ጠልቀው የሚገቡት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የገጽ እፍጋት ማነጻጸሪያ የሚሆነው በአንድ ዓይነት አሠራር ውስጥ ባሉ አረሮች መካከል ብቻ ነው።

ለጎሽ የተለመደው መነሻ 0.300 ነው። በ9.5 ሚሊሜትር ጠመንጃ የሚተኮሰው 19.44 ግራም (300 ግሬን) አረር 0.305 ይሆናል። 7.62ም በ220 ግሬን አረር ከ0.300 በላይ ይደርሳል፤ ነገር ግን የገጽ እፍጋቱ እኩል ሆነ ማለት ኃይሉ እኩል ነው ማለት አይደለም።

በግዢና በሙከራ ጊዜ

በካርቶን ላይ የባሊስቲክ ቁጥር በሁለት ዓይነት መለኪያ ይጻፋል፤ ጂ1 እና ጂ7 ይባላሉ። ለአንድ ሹል አረር የጂ7 ቁጥር የጂ1ን ግማሽ ያህላል። ስለዚህ 0.48 ያልነው ያው ሹል አረር በጂ7 0.24 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ይህም የድንዙ አረር የጂ1 ቁጥር ነው። መለኪያውን ያላየ ገዢ ጥሩውን ትቶ ይሄዳል፤ ወይም ሁለቱን አንድ ናቸው ይላል።

የባሊስቲክ ቁጥሩ ከፍ ያለ አረር አብዛኛውን ጊዜ ረጅም ነው፤ ረጅም አረር ደግሞ በፍጥነት መሽከርከር አለበት። በጠመንጃው ቱቦ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ መስመር ለአጭር አረር የተሠራ ከሆነ ረጅሙ አይረጋም፤ በአየር ላይ ይገለባበጣል፣ የተጻፈለት ቁጥርም ዋጋ ያጣል። ይህን ለማወቅ በ50 እና በ100 ሜትር ላይ ወረቀት ዘርግቶ አምስት ጥይት መተኮስ ይበቃል። ቀዳዳዎቹ ክብ ከሆኑ አረሩ ቀጥ ብሎ እየሄደ ነው። ሞላላ ወይም የቁልፍ ቀዳዳ የመሰሉ ከሆኑ በጎኑ እየመታ ስለሆነ ያ አረር ለዚያ ጠመንጃ አይሆንም፤ አጭርና ቀለል ያለ መፈለግ ይገባል።