ሲሶ ኩባያ በሲኒ ሲሰፈር

ባለፈው ረመዳን አንድ ቀን፣ እዚህ ወርቃ እኛ ቤት፣ ከዲላ የሚመጡ ዘመዶች ጨምሮ ብዙ እንግዳ ለኢፍጣር ተጠርቶ ነበር። ሳምቡሳውን የምትሠራው ታናሽ እህታችን ናት። ሁልጊዜ የምትሠራበት ልክ ከስልኳ የገለበጠችው ነው፤ በዚያ ልክ አንድ ጊዜ ሲቦካ ሃያ አራት ያህል ሳምቡሳ ይወጣል። የዚያን ቀን ሰባ ያህል ያስፈልግ ስለነበር ሁሉንም በሦስት ልታባዛ ወሰነች። ዱቄቱ 3 ኩባያ ነበር፣ 9 ሆነ። ጨዉ 1 የሻይ ማንኪያ ነበር፣ 3 ሆነ። ዘይቱ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች፤ ወረቀቱ የሚለው 1/3 ኩባያ ነው።

እስክሪብቶ አንስታ የላይኛውንም የታችኛውንም ቁጥር በሦስት አባዛች። 3/9 መጣ። ዘጠነኛ የሚል መስፈሪያ የትም ቤት የለምና ግራ ገባት። በመጨረሻ «ትንሽ ነገር ነው» ብላ አንዷን ትንሽ መስፈሪያ ሞልታ ጨመረች። አስር ሰላት ተሰግዶ ሊጡ መዳመጥ ሲጀመር ጉዱ ወጣ። ሊጡ ደረቀ፣ ሲዳመጥ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ምስሩ ገብቶበት ሲታጠፍ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል። መጥበሻ ውስጥ የገባው ደግሞ አፉን ከፍቶ ምስሩን ዘይቱ ላይ በተነው። መግሪብ ሊደርስ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው ዘጠኝ ኩባያ ዱቄት ጥሎ እንደገና መጀመር አይታሰብም።

ስህተቱ የእሷ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሰው ይሠራዋል። 3/9 ማለት ራሱ 1/3 ነው። አንድ ዳቦ ለሦስት ተከፍሎ አንዱን ቁራጭ መውሰድና ለዘጠኝ ተከፍሎ ሦስቱን መውሰድ እኩል ነው። ስለዚህ እህታችን በወረቀት ላይ ያባዛች መሰላት እንጂ ለሦስት እጥፍ ዱቄት የአንድ እጥፍ ዘይት ነው የጨመረችው። በአንዳንድ ቤት የሚሠራው ሌላኛው ስህተት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ሁለት እጥፍ ለማድረግ የታችኛውን ቁጥር ብቻ በሁለት አባዝተው 1/3ን 1/6 ያደርጉታል። ይህ ማባዛት ሳይሆን በግማሽ መቀነስ ነው።

ነገሩን የፈታችልን እናታችን ናት፤ የፈታችውም በአንድ የአማርኛ ቃል ነው። «ሲሶ በይው» አለቻት። ሲሶ ከሦስት አንድ እጅ ነው፤ መሬት በሲሶና በእኩል ይታረስ በነበረበት ዘመን ያደገ ሰው ቃሉን ከትምህርት ቤት በፊት ያውቀዋል። ሲሶ ሲባል ከላይና ከታች የተጻፈ ቁጥር አይታይም፤ የሚታየው አንድ ቁራጭ ነገር ነው፤ እንደ አንድ ብርቱካን ይቆጠራል። ሁለት ጊዜ ሲሆን ሁለት ሲሶ፣ ሦስት ጊዜ ሲሆን ሦስት ሲሶ። ሦስት ሲሶ ደግሞ ሙሉ ኩባያ ነው። የቁራጩ ስም አይለወጥም፤ የሚለወጠው ብዛቱ ብቻ ነው። የታችኛው ቁጥር የቁራጩ ስም ስለሆነ አይነካም።

ይህ ከገባን ሌሎቹም አያስቸግሩም። 3/4 ኩባያ ሦስት እጥፍ ቢፈለግ፣ ሦስት ሩብ ሦስት ጊዜ ዘጠኝ ሩብ ነው። አራት አራት ሩብ አንድ ኩባያ እየሞላ ሲሄድ ሁለት ኩባያ ሞልቶ አንድ ሩብ ይተርፋል። 2/3 ሁለት እጥፍ ሲሆን አራት ሲሶ ነው፤ ይኸውም አንድ ኩባያ ከሲሶ። እንግዳው ብዙም ሳይሆን አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ቢበቃ፣ ሲሶ ከነግማሹ ልክ ግማሽ ኩባያ ይሆናል፤ ይህ መጀመሪያ ሲሰሙት ግር ይላል፣ በውኃ ሲሞክሩት ግን ልክ ነው።

የሚቀረው መስፈሪያው ነው። በስልክና በቴሌቪዥን የምናያቸው አብዛኞቹ የምግብ አሠራሮች ኩባያ የሚሉት 240 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዘውን ነው፤ ሲሶው 80 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የመስፈሪያ ስብስብ ያለው ሰው የሲሶዋን አንስቶ እየቆጠረ ይጨምራል። የሌለው ግን፣ በተለይ እንደ ወርቃ ባለ የቡና አገር፣ ሲሶ መስፈሪያ ረከቦቱ ላይ ተደርድሮለታል። የቡና ሲኒ እስከ አፉ ሲሞላ ብዙውን ጊዜ 80 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው የሚይዘው። አካባቢ ያልነው ሲኒ ሁሉ እኩል ስላልሆነ ነው፤ ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ ይፈተናል።

ፈተናው ቀላል ነው። ለመስፈሪያ የምትጠቀሙበትን ኩባያ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጡና በሲኒው ሦስት ጊዜ ውኃ ሞልታችሁ ገልብጡበት። ኩባያው አፉ ድረስ ከሞላ ሲኒው የኩባያችሁ ሲሶ ነው፤ ለይታችሁ አስቀምጡት። እኛ ቤት ሲሞከር ጎደለ። ጉድለቱን ለመሙላት ስድስት የሻይ ማንኪያ ውኃ ጨመርን። ስድስት ለሦስት ሲኒ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሁለት ይደርሰዋል። ስለዚህ የእኛ ቤት ሲሶ «አንድ ሲኒና ሁለት የሻይ ማንኪያ» ነው፤ እናታችን ይህን በመስፈሪያው ሣጥን ክዳን ላይ ጽፋዋለች። ሲኒው ተልቆ ኩባያውን ካፈሰሰ ደግሞ ትንሽ ጎደል አድርጎ መሙላት፣ ወይም ሌላ ሲኒ መፈለግ ነው።

ሲኒም መስፈሪያም ካልተገኘ በማንኪያ ይኬዳል። በመስፈሪያ ማንኪያ አንድ ኩባያ 16 የሾርባ ማንኪያ ነው። አሥራ ስድስት ለሦስት ሲካፈል አምስት ደርሶ አንድ ይተርፋል፤ የተረፈችው አንዷ የሾርባ ማንኪያ ደግሞ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስለሆነች ለየሲሶው አንድ አንድ ትደርሳለች። ስለዚህ ሲሶ ኩባያ አምስት የሾርባ ማንኪያና አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፤ ሁለት ሲሶ አሥርና ሁለት። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ የምንበላበት ማንኪያ ከመስፈሪያው ማንኪያ አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል። በቤት ማንኪያ የሚሰፍር ሰው ኩባያውን ስንት ማንኪያ እንደሚሞላው አስቀድሞ ይቁጠር።

ብዙ ባለሙያ ሴቶች «ሲሶና ሩብ ምን ለያቸው» ብለው ሲሶውን በሩብ ይተካሉ። ለአንድ እጥፍ እውነታቸውን ነው፤ ጉድለቱ ከአንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ አያልፍም፣ ሊጡም ይታገሳል። ሦስት ጊዜ ሲባዛ ግን ሩቡ ሦስት ሩብ ብቻ ይሆናል፤ ሙሉ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጎድላል። መጀመሪያ ማባዛት፣ ማጠጋጋት አስፈላጊ ከሆነም ከዚያ በኋላ ነው።

የእህታችን ሊጥ እንዲህ ነበር መሆን የነበረበት። አንዱ ልክ 3 ኩባያ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሲሶ ኩባያ ዘይትና ሁለት ሲሶ ኩባያ ውኃ ነው። ሁለት እጥፉ 6 ኩባያ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት ሲሶ ዘይት፣ አንድ ኩባያ ከሲሶ ውኃ። ሦስት እጥፉ 9 ኩባያ ዱቄት፣ 3 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ሙሉ ኩባያ ዘይትና ሁለት ሙሉ ኩባያ ውኃ ይሆናል። ከሁለቱ የሚቀለው ሦስት እጥፉ መሆኑን ልብ በሉ፤ ሲሶዎቹ ሁሉ ጠፍተው ሙሉ ኩባያ ሆነዋል። ሁለት እጥፍ ይበቃል ወይስ ሦስት እያሉ ለሚያመነቱ፣ ሲሶ የበዛበት አሠራር ከሆነ ሦስቱን ሠርቶ የተረፈውን ለጎረቤት መላክ ይሻላል ባዮች ነን።

ውኃውን ግን ሁሉንም አትጨምሩ። ዱቄት እንደ ዓይነቱና እንደ አሰፋፈሩ ውኃ የመጠጣት አቅሙ ይለያያል፤ ተነፍቶ የተሰፈረና ኩባያው ውስጥ ተጠቅጥቆ የተሰፈረ ዱቄት በክብደት አይገናኙም። ለዘካተል ፊጥር የሚሰጠው አንድ ቁና፣ ሷዕ የሚባለው፣ በስፍር የተወሰነ ስለሆነ የስንዴውና የቴምሩ ኪሎ አንድ የማይሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። በአንድ ልክ ላይ የማይታየው የዱቄት ልዩነት በዘጠኝ ኩባያ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ የመጨረሻዋን አንድ ሲኒ ውኃ ወደ ጎን ይዛችሁ አቡኩ። ሊጡ እጅ ላይ ሳይጣበቅ ተሰብስቦ ለስላሳ ከሆነ በቅቷል። ጣት ተጭኖበት ጠርዙ ከተሰነጠቀ የያዛችሁትን ጠብ እያደረጋችሁ ጨምሩ። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ ለግማሽ ሰዓት ተዉት፤ ካላረፈ ሲዳመጥ መሸሹ አይቀርም።

የማይባዙም ነገሮች አሉ። የመጥበሻው ዘይት በመጥበሻው ስፋት እንጂ በሳምቡሳው ቁጥር አይለካም። የአጃ ሾርባም እንዲሁ ነው። ሁለት ሲሶ ኩባያ አጃ በ4 ኩባያ ውኃ የምትሠሩ ከሆነ፣ ሦስት እጥፉ በስሌት 2 ኩባያ አጃና 12 ኩባያ ውኃ ነው። ነገር ግን በትልቅ ድስት ሲፈላ የሚተነው ውኃ ሦስት እጥፍ አይሆንም፤ ሙሉውን ከጨመራችሁት ሾርባው ይቀጥናል። በ10 ኩባያ ጀምሩና ሁለቱን በፔርሙስ ሙቅ አድርጋችሁ ያዙ። ወርቃ ከዲላ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ውኃው ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል፣ አጃውም ለመብሰል ትንሽ ይዘገያል፤ እንግዲህ ቆይታችሁ እዩት።

ጨው ላይ የረመዳን ወጥ ቤት ከሌላው ጊዜ ይለያል፤ የምታበስለው ሴት ጾመኛ ናት። ሳይዋጥ በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋትን አስፈላጊ ሲሆን የሚፈቅዱ ዑለሞች ብዙ ናቸው፤ ሆኖም እንደ እናታችን ያለችው አትደፍረውም። እሷ የምታደርገው ለሾርባ የተባዛውን ጨው አስልታ ከሲሶው በስተቀር መጨመር ነው። የቀረውን በትንሽ ሳህን ገበታው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ አዛን ሲል ቴምሩን ቀምሳ ሾርባውን የምታየው እሷ ናት፣ ከጎደለም ሳይቀዳ ታስተካክለዋለች። ሊጥ ግን ከተጠበሰ በኋላ ጨው ስለማይቀበል በሙሉው ልክ ይገባል።

የዚያን ቀኑ ሊጥ አልተጣለም። እናታችን ስሌቱን ከሰማች በኋላ የጎደለው ሁለት ሲሶ መሆኑን አውቃ ዘይቱን ለብ አድርጋ ሊጡን በአራት ከፈለችው። ዘይቱን በየቁራጩ እያካፈለች ለረጅም ጊዜ አሸችው። ከተቦካ በኋላ የገባ ዘይት ቶሎ አይዋሃድም፤ መጀመሪያ ሊጡ እየተንሸራተተ ይበጣጠሳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይሰበሰባል። እንግዶቹ ሲገቡ የመጀመሪያው ሠላሳ ሳምቡሳ ደርሶ ነበር፤ የቀረው ከመግሪብ ሰላት በኋላ ተጠበሰ።