እሳት የበዛበት ማስታወቂያ

ያገለገለ ላፕቶፕ በቴሌግራም ቻናል መሸጥ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦

```
🔥🔥🔥 SALE SALE SALE 🔥🔥🔥
ምርጥ LAPTOP በቅናሽ‼️‼️ ፈጥነው ይደውሉ 📞📞📞
```

ዕቃው እውነተኛ፣ ሻጩም ታማኝ ሊሆን ይችላል። አንባቢው ግን ሳይከፍተው ያልፈዋል። ስልኩ ላይ መልእክት ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው የመጀመሪያው መስመር ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ስለ ዕቃው አንድም ነገር የለም። በዚያ ላይ አጭበርባሪዎችም የሚጽፉት እንዲሁ ነው፤ እሳት፣ ጩኸት፣ ጥድፊያ።

ያንኑ ላፕቶፕ እንዲህ ብንጽፈውስ?

```
HP ላፕቶፕ፣ 8GB RAM፣ ያገለገለ

ባትሪው 3 ሰዓት ያህል ይቆያል። ክዳኑ ላይ ጭረት አለው።

💰 32,000 ብር፣ ድርድር አለው
📍 መገናኛ
📞 ከ3 እስከ 12 ሰዓት ይደውሉ
```

ኢሞጂዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም በመስመር መጀመሪያ ላይ ቆመው ዓይንን ወደ ዋጋው፣ ወደ ቦታው፣ ወደ ስልኩ ይመሩታል። በቃል ምትክ ግን አልገቡም። «ላፕቶፕ» የሚለውን ቃል ትቶ 💻 ብቻ ያስቀመጠ ሻጭ፣ ቃሉን ጽፎ የሚፈልግ ገዢ አያገኘውም። ማየት ለተሳናቸው ጽሑፍ የሚያነብ መተግበሪያም የኢሞጂውን ስም ስለሚጠራ፣ የእሳት ምልክት በተደረደረ ቁጥር ስሙ እየተደጋገመ ጆሮ ያሰለቻል።

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት የለውም። ስለዚህ በአማርኛ የምንጮኸው በቃለ አጋኖ ድርድርና በመሃል በምናስገባው የእንግሊዝኛ ካፒታል ፊደል ነው። HP እና RAM በተፈጥሯቸው በካፒታል ስለሚጻፉ እንዳሉ ይቀመጡ፤ SALE ግን «ያገለገለ» ወይም «የሚሸጥ» ቢባል ይበቃዋል። ማጉላት ካስፈለገ የቴሌግራምን ደማቅ ጽሑፍ ለመጀመሪያው መስመር ብቻ መጠቀም ይቻላል። ከሌላ ቦታ ተቀድተው የሚለጠፉ ያጌጡ የላቲን ፊደሎች ግን በአንዳንድ ስልክ ላይ ባዶ ሳጥን ሆነው ይታያሉ፤ ሲፈለጉም ላይገኙ ይችላሉ።

መስመር መዝለልም ልክ አለው። ከላይ ያለው ማስታወቂያ ሦስት ክፍል ስላለው ሁለት ባዶ መስመር በቅቶታል፤ ዕቃው ምንድን ነው፣ በምን ሁኔታ ላይ ነው፣ እንዴት ይገኛል። በየዓረፍተ ነገሩ ባዶ መስመር ከገባ ግን ጽሑፉ ይረዝምና ዋጋው ከስክሪኑ በታች ይወርዳል።

ከመለጠፍዎ በፊት መልእክቱን ለራስዎ ይላኩና ኢሞጂዎቹን በሙሉ ያጥፏቸው። የቀረው ጽሑፍ ብቻውን የሚገባ ከሆነ ምልክቶቹን መልሰው ያስገቧቸው። ካልገባ ግን የጎደለው ቃል ነው፤ ምልክት በመጨመር አይሞላም። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ማስታወቂያም ቢሆን፣ የቱንም ያህል በሥርዓት ቢደረደር፣ ገዢው መጀመሪያ የሚፈልገውን ነገር ደብቋል።