የድረ ገጽ ቀን ስንት ሰዓት ላይ ይነጋል?

ድረ ገጽ ያለው ሰው ሁሉ ሳያውቀውም ቢሆን የጎብኚዎች መዝገብ አለው። ገጹን የያዘው ሰርቨር የመጣውን ሁሉ በአንድ በአንድ መስመር ይጽፋል፤ የመጣበትንም ሰዓት እንዲህ አድርጎ ያስቀምጣል፦

```
[14/Oct/2024:22:41:07 +0000]
```

ይህ ሰው መቼ መጣ? መስመሩ ሰኞ ማታ ይላል። መጨረሻው ላይ ያለው +0000 ግን ሰዓቱ የግሪንዊች መሆኑን ያሳያል። አዲስ አበባ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም እዚህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ሆኗል። በፈረንጆቹ ልማድ እኩለ ሌሊት ስላለፈ ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ በእኛ አነጋገር ደግሞ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ። አንዱ ጉብኝት የትኛው ቀን ላይ ይቆጠር? የሙቀት ካርታ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ መቁረጥ ያለበት ይህንን ነው።

የሙቀት ካርታ የምንለው ሰባቱ ቀናት ወደ ታች፣ 24ቱ ሰዓታት ወደ ጎን የተደረደሩበት ሠንጠረዥ ነው። 168 ሳጥኖች ይኖሩታል፤ ጎብኚ የበዛበት ሳጥን ይጠቁራል፣ ያነሰበት ይነጣል። ቀኑን እኩለ ሌሊት ላይ ብንቆርጠው የቅዳሜ ሌሊት አንባቢዎች ለሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሾቹ በቅዳሜ ረድፍ ቀኝ ጫፍ፣ ግማሾቹ በእሑድ ረድፍ ግራ ጫፍ ላይ ይቀራሉ። አንድ ወጥ የነበረው ምሽት ዓይን ውስጥ አይገባም። እኔ ቀኑን እንደ ልማዳችን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ብጀምር እመርጣለሁ። ሥራው ቀላል ነው፦ ወደ አዲስ አበባ ለመድረስ 3 ሰዓት ይደመራል፣ ቀኑን ከንጋት ለማስጀመር 6 ሰዓት ይቀነሳል፤ በድምሩ 3 ሰዓት መቀነስ ብቻ ነው። ኤክሴል የሰዓቱን ጽሑፍ እንደ ቀን እንዲያነበው ካስተካከልን በኋላ እንዲህ ይጻፋል፦

```
B2: =A2-3/24
C2: =WEEKDAY(B2,2)
D2: =HOUR(B2)
```

ከላይ ያለው ጉብኝት ሰኞ ረድፍ፣ 19ኛው ሰዓት ላይ ይወድቃል። ከ19 ላይ 12 ሲነሳ 7 ይቀራል፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ማለት ነው።

ቀጥሎ ቆጠራው ይመጣል። ሙሉ ሳምንታትን መውሰድ ያስፈልጋል፤ በ30 ቀን ውስጥ ሁለት ቀናት አምስት አምስት ጊዜ ስለሚመጡ ያለ ምክንያት ጠቁረው ይታያሉ። አራት ሳምንት ወሰድን እንበል፤ የማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ጎብኚዎችም 40፣ 44፣ 38 እና 410 ሆኑ እንበል። በአራተኛው ማክሰኞ አንድ ጽሑፍ በፌስቡክ ተሠራጭቶ ነበር። አማካዩ 133 ስለሚሆን ያ ሳጥን ካርታውን ሁሉ ያስንቃል፤ ባለቤቱም ማክሰኞ ጠዋትን የሥራው እምብርት አድርጎ ይወስደዋል። በቅደም ተከተል ከተደረደሩ በኋላ መሐል ላይ የሚውለው ቁጥር ግን 42 ነው፤ የተለመደውን ማክሰኞ የሚነግረን እሱ ነው። በኤክሴል `MEDIAN` ያወጣዋል። ማንም ያልመጣበት ሰዓት መዝገብ ላይ ስለማይጻፍ ዜሮውን በእጅ ማስገባት እንዳይረሳ።

ካርታው ሲጠናቀቅ በአማርኛ ዜና ገጽ ላይ ሰውን የሚያደናግረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም የሚታይ ጥቁረት ነው። አዲስ አበባ ተኝታለች፤ ታዲያ ማን ነው የሚያነበው? ዋሽንግተን ዲሲ በበጋው ሰዓቷ ያኔ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ከሥራ የገባው ወገናችን ስልኩን የሚከፍትበት ጊዜ። ሌላው ጥርጣሬ ገጾችን በቀጠሮ እየዞረ የሚጎበኝ ቦት ነው። ሁለቱን የሚለየው ቅርጻቸው ነው። የቦት አሻራ ብዙውን ጊዜ ከሰኞ እስከ እሑድ እኩል የጠቆረ ቀጥ ያለ ዓምድ ሲሆን፣ ሰው ግን ቅዳሜና እሑድ ልማዱን ይለውጣል። ሌላም ምልክት አለ። በፈረንጆቹ ኖቬምበር ወር የመጀመሪያ እሑድ አሜሪካ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስትመልስ የሰዎቹ ጥቁረት ከ9 ወደ 10 ሰዓት ይሻገራል፤ በግሪንዊች ሰዓት የተቀጠረ ቦት ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ከዚያ እሑድ በፊትና በኋላ ያሉትን ሳምንታት በአንድ ካርታ መቀላቀል ምልክቱን ያደበዝዘዋል፤ ለየብቻ መሠራት አለባቸው።

ይህ ዘዴ ለሪያድ አይሠራም። ሪያድና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ አንባቢዎቻቸው በተመሳሳይ ሳጥን ላይ ይደራረባሉ። ሳዑዲ የምታርፈው ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ የዓርብ ረድፍ ከሌሎቹ የሥራ ቀናት ተለይቶ ቀን ላይ ከጠቆረ የእነሱ እጅ እንዳለበት መጠርጠር ይቻላል። ለማረጋገጥ ግን መዝገቡን በአገር ከፍሎ ለሳዑዲ ብቻ ሌላ ካርታ ማውጣት ነው።