ሶፋው መሬት ሲነካ

አዲስ አበባ አፓርታማ ለመግዛት ያሰበ፣ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የሚኖር ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቤቱን ሳይሆን ደላላው የላከለትን ፎቶ ነው። ፎቶው ላይ ነጭ ግድግዳ፣ የሴራሚክ ወለል፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ብቻ ካሉ ሳሎኑ ምን ያህል ዕቃ እንደሚይዝ መገመት ይቸግራል። ስለዚህ አንዳንድ ሻጮች ባዶውን ክፍል በኮምፒውተር ያስጌጡታል፤ ሶፋ፣ ጠረጴዛና ምንጣፍ ፎቶው ላይ ይጨምሩበታል። አንዳንዱ ሥራ እውነተኛ ይመስላል፤ አንዳንዱ ግን ምክንያቱን መናገር ባንችል እንኳ ዓይናችን አልቀበልም ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከሁለት አንዱ ነው፦ የዕቃው ልክ ወይም ጥላው።

ከልኩ እንጀምር። ባዶ ክፍል ሜትር ባይኖረውም በር አለው። የዚህን ሳሎን በር የጀርባው ግድግዳ ላይ እናስበው፤ ቁመቱ 2.1 ሜትር ነው፤ ፎቶው ላይ 700 ፒክስል ይዟል። ቀጥሎ ካሜራው በምን ከፍታ ላይ እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። የሴራሚኩ መጋጠሚያ መስመሮች ወደ ውስጥ ሲሄዱ እየተቀራረቡ ይታያሉ። ብናስረዝማቸው አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። በዚያ ነጥብ ላይ አግድም የሚሰመረው መስመር የካሜራውን ከፍታ ያሳያል። መስመሩ በሩን ከወለሉ 400 ፒክስል ላይ ካቋረጠው፣ 700ው 2.1 ሜትር ስለሆነ 400ው 1.2 ሜትር ይሆናል። ፎቶ አንሺው ካሜራውን የያዘው ከወለሉ 1.2 ሜትር ላይ ነበር ማለት ነው።

ካሜራው ወደ ላይም ወደ ታችም ካላዘነበለ፣ ወለሉ ላይ የትም ቦታ ብንቆም ከወለሉ እስከዚያ መስመር ያለው ቁመት ሁልጊዜ 1.2 ሜትር ነው። ጀርባው ግድግዳውን ተደግፎ የሚቀመጥ፣ 80 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ሶፋ የ1.2 ሜትር ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ የኋላው ጫፍ ከ400ው ፒክስል 267ቱን ብቻ ይይዛል። ጠረጴዛው ደግሞ ወደ ካሜራው ቀረብ ብሎ፣ ከወለሉ እስከ መስመሩ 600 ፒክስል በሆነበት ቦታ ይቀመጥ። ቁመቱ 45 ሴንቲሜትር ቢሆን 225 ፒክስል ይሆናል። ከሶፋው በግማሽ ያህል የሚያንሰው ጠረጴዛ ፎቶው ላይ ቁመቱ ሊደርስበት ምንም አልቀረውም፤ ትክክሉም ይሄ ነው። በግምት የሚሠራ ሰው ግን "ጠረጴዛው በዛ" ብሎ ያሳንሰዋል፤ ያኔ የአሻንጉሊት ጠረጴዛ ይመስላል።

ልክ አሳንሶ ማስገባት ሁልጊዜ ስህተት ላይሆን ይችላል። ሶፋው ሲያንስ ሳሎኑ ይሰፋል። እንዲህ ያለውን ለመያዝ ቀላል ዘዴ አለ። ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ሶፋ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል፤ በሩን አጋድመው ቢያስተኙት ማለት ነው። ሶፋው በዚያው በበሩ ግድግዳ ላይ ሆኖ ከተጋደመው በር በጣም ካጠረ አንድ ሰው ቆርጦታል።

አሁን ወደ ጥላው እንምጣ። ልኩ የተስተካከለ ሶፋ ጥላ ከሌለው አየር ላይ ይንሳፈፋል። ለዚህ ሁለት ዓይነት ጥላ ያስፈልጋል፤ የሚሠሩትም ለየብቻ ነው። የመጀመሪያው የሶፋው እግር ወለሉን በነካበት ስፍራ ላይ የሚታየው ቀጭን ጥቁረት ነው። እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ብርሃን ከየትም አቅጣጫ ስለማይገባ ከሁሉም ይጠቁራል፤ ከእግሩ ጥቂት እንደራቀም ይጠፋል። ዕቃው መሬት መንካቱን ለዓይን የሚነግረው ይህ ነው። ሁለተኛው ከመስኮቱ ተቃራኒ ወደሆነው ወገን የሚዘረጋው ሰፊ ጥላ ነው። ሶፋው ሥር ጠርዙ ይለያል፤ እየራቀ ሲሄድ ይደበዝዛል፤ ምክንያቱም መስኮት እንደ ሻማ ነጥብ ሳይሆን ሰፊ የብርሃን ምንጭ ነው። መስኮቱ በግራ ሆኖ የሶፋው ጥላ ወደ ግራ ከወደቀ፣ ሶፋው የተነሳው ሌላ ቤት ውስጥ ነው።

ጥላ ጥቁር ቀለም አይደለም። ወለሉን ያጨልመዋል እንጂ አይሸፍነውም። በፎቶሾፕ የሚሠሩ ሰዎች የጥላውን ንብርብር Multiply ላይ የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ የሴራሚኩ መስመሮች በጥላው ውስጥም አልፈው ይታያሉ። የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ከሆነ ደግሞ ጥላ ብቻውን አይበቃም፤ የሶፋው እግር ወለሉ ላይ ተገልብጦ በደብዛዛው መታየት አለበት። ብዙ ሥራ የሚጋለጠው እዚህ ጋ ነው፦ መስኮቱ ወለሉ ላይ ያብረቀርቃል፣ ሶፋው ግን አይታይበትም።

በካሊፎርኒያ ከ2026 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ ደላሎች እንዲህ የተለወጠ ፎቶ ሲያወጡ መለወጡን እንዲናገሩና ዋናውንም እንዲያሳዩ ሕግ ያዛል። ሕግ በሌለበትም ገዢው ባዶውን ፎቶ መጠየቅ ይችላል። ሲመጣለት መጀመሪያ በሩን ይለካ።